የይለፍ ቃሉ ተቀይሮ የተቆለፈን የቤተሰብ የፊልም አካውንት እንዴት መክፈት ይቻላል

በአንድ አካውንት ፊልምና ተከታታይ ድራማ የሚመለከት ቤተሰብ አካውንቱ ሲቆለፍበት፣ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የይለፍ ቃሉ መረሳት ሳይሆን ከቤተሰቡ አንዱ ቀይሮት ሌሎቹ መሣሪያዎች አሮጌውን ይዘው መቅረታቸው ነው። የሚቆልፈው መቀየሩ ራሱ አይደለም፤ ከተቀየረ በኋላ በአሮጌው ቃል ደጋግሞ የሚደረገው ሙከራ ነው። አገልግሎት ሰጪው በአጭር ጊዜ ውስጥ የተደራረቡ የተሳሳቱ ሙከራዎችን ብቻ ስለሚያይ፣ የሚሞክረው የቤቱ ሰው ይሁን ሌባ ሊለይ አይችልምና ለጊዜው ሁሉንም ያግዳል።

በባሕር ዳር ፋሲሎ ክፍለ ከተማ የሚኖር አንድ ቤተሰብ እናስብ። አካውንቱ የተመዘገበው በእናት ኢሜይል ነው። ሳሎን ውስጥ ስማርት ቲቪ አለ፤ ልጃቸው በፔዳ ግቢ ተማሪ ስለሆነ በስልኩ ይመለከታል፤ እህታቸው ደግሞ ጎርጎራ ሆነው በታብሌት ይጠቀማሉ። ልጁ በዶርም ጓደኛው ላፕቶፕ አካውንቱን ከፍቶ ሳይዘጋው እንደ ቀረ ትዝ ሲለው ዓርብ ማታ የይለፍ ቃሉን ቀየረ፤ ለማንም ግን አልተናገረም። በማግሥቱ እናት ቲቪውን ሲከፍቱ እንደገና እንዲገቡ ተጠየቁና አሮጌውን ቃል በሪሞት ጻፉ፤ ፊደል የሳቱ መስሏቸውም ደጋገሙት። ጎርጎራ ያለው ታብሌትም ብራውዘሩ ያስቀመጠውን አሮጌ ቃል በራሱ እየሞላ ስለሚያቀርብ፣ እህትየው «ግባ» የሚለውን በተጫኑ ቁጥር አንድ የተሳሳተ ሙከራ ይጨመር ነበር። አመሻሹ ላይ አካውንቱ ተቆለፈ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። አካውንቱ ተቆልፎ ባለበት ሰዓት ትክክለኛው አዲስ ቃል እንኳ ቢጻፍ ተቀባይነት ላያገኝ ይችላል፤ አንዳንድ አገልግሎቶች ደግሞ «ተቆልፏል» በማለት ፈንታ «የይለፍ ቃሉ ትክክል አይደለም» የሚል መልእክት ብቻ ያሳያሉ። ስለዚህ ልጁ አዲሱን ቃል በትክክል ጽፎ ሲከለከል የረሳው ይመስለዋል፣ ሌላ ቃል ይሞክራል፣ እገዳውንም ያራዝመዋል።

የመጀመሪያው እርምጃ እንግዲህ ምንም አለመሞከር ነው። ለቤተሰቡ ሁሉ ደውለው ማንም ሰው እንዳይነካው ያስታውቁ። ቲቪውን በሪሞት ማጥፋት አይበቃም፤ በሪሞት የጠፋ ቲቪ ብዙ ጊዜ ከኔትወርክ ጋር እንደተገናኘ ስለሚቆይ ከሶኬቱ ይንቀሉት። በስልክና በታብሌት ላይ መተግበሪያውን ሙሉ በሙሉ ይዝጉ፤ በብራውዘር የሚመለከቱ ከሆነ ገጹን ይዝጉ። እገዳው ብዙውን ጊዜ ከደቂቃዎች እስከ ጥቂት ሰዓታት ይቆያል፤ መልእክቱ የጠቀሰው ጊዜ ካለ እሱን ይጠብቁ።

ጊዜው አልፎም እገዳው ካልተነሣ፣ ወይም «የመግባት ሙከራ ተደርጓል» የሚል ኢሜይል መምጣቱን ካላቆመ፣ አንድ የተረሳ መሣሪያ አሁንም በአሮጌው ቃል እየሞከረ ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ይህ መሣሪያ ሌላ ክፍል ውስጥ ያለ አሮጌ ቲቪ ወይም ከቲቪ ጋር የሚሰካ ሳጥን ሆኖ ይገኛል። እውነተኛ ሌባም ሊሆን ስለሚችል፣ በቤቱ ያለው ሁሉ ተነቅሎ ሙከራው ከቀጠለ የአገልግሎቱን የደንበኞች ድጋፍ ማነጋገር ያስፈልጋል።

ሁለተኛው እርምጃ የይለፍ ቃሉን በአንድ ስልክ ብቻ፣ አካውንቱ በተመዘገበበት ኢሜይል በኩል እንደገና ማውጣት ነው። በምሳሌያችን ይህን የሚያደርጉት እናት ናቸው እንጂ ልጁ አይደለም፤ ሊንኩ የሚላከው ለእርሳቸው ነውና። በቤቱ ዋይፋይ ፈንታ የስልኩን ዳታ መጠቀም ይመረጣል። በአንድ ራውተር የሚጠቀሙ መሣሪያዎች ለአገልግሎቱ በአብዛኛው በአንድ አድራሻ ስለሚታዩ፣ ቲቪው ያደረጋቸው የተሳሳቱ ሙከራዎች በዚያው ዋይፋይ ላይ ያለውን ስልክም ሊያስከለክሉት ይችላሉ።

«የይለፍ ቃል ረሳሁ» የሚለውን አንድ ጊዜ ብቻ ይጫኑና ይታገሡ። ኔትወርክ ሲዘገይ ሰው ደጋግሞ ይጫናል፤ በብዙ አገልግሎቶች ግን አዲስ ሊንክ በተላከ ቁጥር የቀደመው ይሰረዛል፤ ዘግይቶ የደረሰውን የመጀመሪያ ኢሜይል የከፈተ ሰውም «ሊንኩ አይሠራም» ይባላል። ብዙ ከመጡ የመጨረሻውን ብቻ ይክፈቱ። እርስዎ ሳይጠይቁ በአጭር መልእክት ወይም በቴሌግራም የሚመጣ «አካውንትዎን እናስከፍታለን» የሚል ሊንክ ግን በፍጹም አይንኩ።

በእኛ አገር አንድ ተጨማሪ ችግር አለ፤ ክፍያው በብዛት የሚፈጸመው ውጭ አገር ባለ ዘመድ ካርድ ሲሆን ኢሜይሉም ብዙ ጊዜ የዚያ ዘመድ ነው። ሊንኩ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ስለሚያገለግል፣ ዘመድዎ ነቅተው ስልካቸውን በያዙበት ሰዓት መጠየቅ ያስፈልጋል። ሊንኩን ከሚልኩልዎ ይልቅ ራሳቸው ከፍተው ቃሉን ቢቀይሩና በስልክ ቢነግሩዎ የተሻለ ነው።

አዲሱን ቃል ሲመርጡ በሪሞት እንደሚጻፍ ያስቡ፤ ረጅም ሆኖ በትንንሽ የላቲን ፊደላትና በቁጥር ብቻ ቢሆን አያስቸግርም። አገልግሎቱ ሌላ ምልክት ካስገደደ ግን አንድ ይጨምሩ። በዚያው ገጽ «ከሁሉም መሣሪያዎች ውጣ» የሚል ምርጫ ካለ ምልክት ያድርጉበት። ይህ ሁሉም መሣሪያ በአንድ ጊዜ ወጥቶ አዲሱን ቃል እንዲጠይቅ ያደርጋል።

ሦስተኛው እርምጃ መሣሪያዎቹን አንድ በአንድ መመለስ ነው፤ አንዱ ገብቶ ፊልም ማጫወት ሳይጀምር ወደ ሌላው አይለፉ። በታብሌቱ ላይ ከመግባት በፊት በብራውዘሩ የተቀመጡ የይለፍ ቃላት ዝርዝር ውስጥ ገብቶ አሮጌውን መሰረዝ የግድ ነው። ምንም ሳይጽፉ የይለፍ ቃሉ ሳጥን በነጠብጣቦች ተሞልቶ ከታየ አሮጌው እዚያው አለ። ለቲቪው ከተቻለ በሪሞት ከመጻፍ ይልቅ ኮዱን በስክሪኑ አሳይቶ በስልክ የሚገባበትን መንገድ ይምረጡ።

ቲቪው ትክክለኛውን ቃል ተቀብሎ «መገናኘት አልተቻለም» ካለ ቀኑን ይመልከቱ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ወይም ከሶኬት ሲነቀል ቀኑ የሚጠፋበት ቲቪ አለ፤ ሰውም ዓመተ ምሕረቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይሞላዋል። ቲቪው ዛሬን ከሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሲቆጥር የአገልግሎቱ የደኅንነት ሰርተፍኬት ገና ያልጀመረ መስሎ ስለሚታየው ግንኙነቱን ይከለክላል። ቀኑን በአውሮፓ አቆጣጠር ማስተካከል ወይም «ከኔትወርክ ውሰድ» የሚለውን መምረጥ ይበቃል።

የልጁ ሥጋት ግን ከመነሻው ሌላ መፍትሔ ነበረው። ኔትፍሊክስን ጨምሮ በርከት ያሉ አገልግሎቶች በአካውንቱ ገጽ ላይ የገቡትን መሣሪያዎች ዝርዝር ያሳያሉ፤ ከዚያ የጓደኛውን ላፕቶፕ ብቻ መርጦ ማስወጣት ይቻል ነበር፤ ሳሎኑ ያለው ቲቪም ሆነ ጎርጎራ ያለው ታብሌት ምንም ሳይነካቸው ይቀጥሉ ነበር። የይለፍ ቃሉን መቀየር የሚያስፈልገው ጓደኛው ቃሉን ራሱን ካወቀው፣ ወይም ላፕቶፑ ላይ ተቀምጦ ከቀረ ነው። ያኔም ቢሆን ለእናቱና ለአክስቱ ሳይደውል መቀየር የለበትም።