ስክሪንሾት ብቻ ሲኖራችሁ፦ ከቡትስትራፕ ሂስቶግራም ላይ የ95 በመቶ ክልል ማንበብ

ባህር ዳር ላይ ከጣና አሳ አስጋሪዎች መረጃ የሰበሰበ ተማሪ ትንተናውን በጓደኛው ኮምፒውተር ይሠራል እንበል። ሪፖርቱን መጻፍ ሲጀምር ዳታው እጁ ላይ የለም። ያለው በቴሌግራም የተላከለት የአንድ ሂስቶግራም ስክሪንሾት ነው። የአማካዩን 95 በመቶ ክልል ግን መጻፍ አለበት። ከምስሉ ላይ ማንበብ ይቻላል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሲያነበውና ሲተረጉመው ነው።

ለማሳያ ባዘጋጀሁት ምሳሌ እንሂድ። 40 አስጋሪዎች ታንኳቸውን አስጠግተው ሲወርዱ የዕለቱ ቆሮሶና አምባዛ ተመዘነ። አማካዩ 7.2 ኪሎ ሆነ። ቡትስትራፕ ይህ አማካይ ከናሙና ናሙና ምን ያህል ሊዋዥቅ እንደሚችል መገመቻ ዘዴ ነው፤ የሚሠራው እንዲህ ነው፦ ከ40ዎቹ ቁጥሮች አንዱን በዕጣ ታወጣላችሁ፣ መልሳችሁ ትከታላችሁ፣ እንደገና ታወጣላችሁ። 40 እስኪሞላ ድረስ ማለት ነው። አንዱ አስጋሪ ሦስት ጊዜ ሊወጣ፣ ሌላው ጭራሽ ላይወጣ ይችላል። የነዚህን አማካይ ትመዘግባላችሁ። ይህ 1000 ጊዜ ሲደገም 1000 አማካዮች ይገኛሉ፤ ሂስቶግራሙ የነሱ ነው። ከየባሩ ላይ የተነበበው ይህ ነው፤ በግራ ኪሎ፣ በቀኝ ብዛት፦

```
5.0-5.5     6
5.5-6.0    34
6.0-6.5   118
6.5-7.0   232
7.0-7.5   276
7.5-8.0   203
8.0-8.5    93
8.5-9.0    31
9.0-9.5     7
```

ምልክት፦ ክልሉ ከ5.0 እስከ 9.5 ሆኖ ተጻፈ

ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የምስሉ ግራና ቀኝ ጫፍ እንዳለ ተወስዷል። ጫፉ ግን የሚወሰነው አልፎ አልፎ በሚወጡ እንግዳ ዕጣዎች ነው። ድግግሞሹን ከ1000 ወደ 10,000 ብታሳድጉት ጫፎቹ የበለጠ ይርቃሉ፣ መረጃው ግን ያው የ40 ሰው ነው። ስለዚህ ጫፉን ተዉትና ከየጎኑ የሚቆረጠውን ቁጠሩ።

ምልክት፦ ሁለት ሰዎች ከአንድ ምስል ሁለት ክልል አነበቡ

አንዱ ከ6.0 እስከ 8.4 ይላል፣ ሌላው ከ5.8 እስከ 8.7። የመጀመሪያው ሰው «95 በመቶ ከሆነ የሚቆረጠው 5 በመቶ ነው» ብሎ ከግራም 50፣ ከቀኝም 50 ቆርጧል። በአጠቃላይ 100 ስለወጣ መሀል ላይ የቀረው 90 በመቶ ነው። 5 በመቶው ለሁለት መከፈል አለበት፦ ከየጎኑ 2.5 በመቶ፣ በእኛ ምሳሌ ከየጎኑ 25 አማካዮች።

ከግራ እንጀምር። የመጀመሪያው ባር 6 አለው፣ 25 ለመሙላት 19 ይቀራል። ቀጣዩ ባር ከ5.5 እስከ 6.0 ሲሆን 34 አለው። ስለዚህ ድንበሩ እዚህ ባር ውስጥ ነው። ከ34ቱ 19 ማለት ከባሩ ከግማሽ ትንሽ በላይ ነው፦

```
5.5 + 0.5 × 19/34 = 5.78
```

ከቀኝም እንዲሁ። መጨረሻው ባር 7 ነው፣ 18 ይቀራል። ከሱ ቀጥሎ ወደ ውስጥ ያለው ባር 31 አለው፦

```
9.0 − 0.5 × 18/31 = 8.71
```

ክልሉ ከ5.8 እስከ 8.7 ኪሎ ሆነ፤ እንዲህ ከየጎኑ በመቁረጥ የሚገኘው የፐርሰንታይል ክልል ይባላል። 5.78 ብላችሁ ባትጽፉት እመርጣለሁ። በባሩ ውስጥ አማካዮቹ እኩል ተበትነዋል ብለን ገምተናል፣ ምስሉ ግን ይህን አያሳይም። በእርግጠኝነት የምናውቀው ታችኛው ድንበር ከ5.5 እስከ 6.0 መካከል፣ ላይኛው ከ8.5 እስከ 9.0 መካከል መሆኑን ነው። ሪፖርቱ ላይ «ከሂስቶግራም የተነበበ፣ የባር ስፋት 0.5 ኪሎ» ብሎ መጻፍ አንባቢውን ያከብራል።

በእጅ ያወጣችሁትን በፓይተን ማረጋገጥ ትችላላችሁ፦

```
import numpy as np
k = [6, 34, 118, 232, 276, 203, 93, 31, 7]
e = np.arange(5, 10, 0.5)
c = np.concatenate([[0], np.cumsum(k)]) / sum(k)
print(np.interp([0.025, 0.975], c, e))
```

አማካዮቹ ራሳቸው ከተገኙ ደግሞ ይህ ሁሉ አያስፈልግም፤ `np.percentile(means, [2.5, 97.5])` ይበቃል።

ምልክት፦ የባሮቹ ድምር 1000 አልመጣም

መጀመሪያ ምስሉን ተጠራጠሩ። ቴሌግራም በፎቶ መልክ የተላከን ምስል ይጨምቀዋል፣ የቁጥሮቹ ጫፍ ይደበዝዛል፣ 3 እና 8 ይመሳሰላሉ። በፋይል መልክ እንዲላክላችሁ ጠይቁ። ስክሪንሾቱ ሲቆረጥ ጠርዝ ላይ ያለች ትንሽ ባር አብራ ልትቆረጥም ትችላለች፤ እኛ የምንፈልገው ደግሞ ያንኑ ጠርዝ ነው።

ሌላው ምክንያት የቁሙ መስመር ብዛት ሳይሆን ዴንሲቲ፣ ማለትም የየባሩን ድርሻ ለባሩ ስፋት አካፍሎ፣ ማሳየቱ ነው። ቁጥሮቹ 0.1፣ 0.3 ዓይነት ከሆኑ ይህ ነው። የባሮቹ ስፋት እኩል እስከሆነ ድረስ ችግር የለም። ቁመታቸውን በማስመሪያ ለኩና ደምሩ። ድምሩ 500 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ ከየጎኑ 12.5 ሚሊ ሜትር ቁመት እስኪሞላ ትቆጥራላችሁ። ቀሪው ስሌት አይለወጥም።

ምልክት፦ «95 በመቶ የሚሆኑት አስጋሪዎች ከ5.8 እስከ 8.7 ኪሎ ያመጣሉ» ተብሎ ተጻፈ

ይህ ከሁሉም የከፋው ነው፣ ምክንያቱም ስሌቱ ትክክል ስለሆነ ማንም አይጠራጠረውም። ዳርቻው ላይ ቆሞ ለሚያይ ሰው ግን ውሸትነቱ ወዲያው ይታያል፤ አንዱ 2 ኪሎ ይዞ ይገባል፣ ሌላው 15። የተምታታው ሂስቶግራሙ የማን እንደሆነ ነው። እያንዳንዱ ባር የሚቆጥረው የ40 ሰው አማካዮችን ነው፣ አስጋሪዎችን አይደለም። አማካይ ውስጥ ብዙው ከጥቂቱ ጋር ስለሚቻቻል ስርጭቱ ከግለሰቦቹ በጣም ይጠባል።

እንዲህ ብላችሁ አርሙት፦ «በዚህ ናሙና መሠረት የአስጋሪዎቹ አማካይ የቀን ምርት 7.2 ኪሎ ነው፤ የ95 በመቶ ፐርሰንታይል ክልሉ ከ5.8 እስከ 8.7 ኪሎ ነው።» 95 በመቶው የሚናገረው ስለ ዘዴው ነው። ናሙናውን ደጋግመን ብንወስድና በየጊዜው እንዲህ ብናሰላ፣ ከክልሎቹ 95 በመቶ ያህሉ እውነተኛውን አማካይ ይይዛሉ። ናሙናው ትንሽ ሲሆን ግን የፐርሰንታይል ክልል ትንሽ ይጠባል፣ የሚይዘውም ከ95 በመቶ ዝቅ ይላል።

አንድ ሰው «አማካዩ 8 ኪሎ ነው» ብሎ ቢከራከር፣ 8 ክልሉ ውስጥ ስላለ ይህ መረጃ አያስተባብለውም፣ አያረጋግጥለትምም። «5 ኪሎ ነው» ላለው ግን መልስ አላችሁ።

ምልክት፦ ድግግሞሹ ቢጨመርም ክልሉ አልጠበበም

መጥበብም የለበትም። ድግግሞሽ ባሮቹን ያለሰልሳል፣ ድንበሩ ከሩጫ ሩጫ እንዳይዋዥቅ ያደርጋል፣ እንጂ አዲስ አስጋሪ አያመጣም። ክልሉን በግማሽ ለማጥበብ ናሙናው አራት እጥፍ መሆን አለበት፦ ከ40 ወደ 160 ሰው።

ምልክት፦ ክልሉ ከሚታመነው በላይ ጠባብ ሆነ

40ዎቹ ቁጥሮች ከ40 ሰዎች የመጡ መሆናቸውን ጠይቁ። 8 አስጋሪዎች እያንዳንዳቸው 5 ቀን ተመዝነው ከሆነ፣ ያው መረብና ያው የማጥመጃ ቦታ ነው የተደጋገመው። ኮምፒውተሩ ይህን አያውቅም፣ 40 የተለያዩ ሰዎች አድርጎ ዕጣ ያወጣል። ሂስቶግራሙም ቢሆን ቆንጆና የተስተካከለ ሆኖ ይታያል፣ ከስክሪንሾት ላይ በምንም መንገድ አትለዩትም። መፍትሄው ጓደኛው ዘንድ ካለው ዳታ ጋር ነው፦ ዕጣው ለሰው ይውጣ፣ አንድ አስጋሪ ሲወጣ 5ቱም ቀኖቹ አብረውት ይግቡ። ዕጣ የሚወጣው ከ8 ሰው ብቻ ስለሆነ ያኔ የሚገኘውም ክልል ሻካራ ነው፤ እሱን ደግሞ ተጨማሪ አስጋሪዎችን በመመዘን እንጂ በኮድ ማስተካከል አይቻልም።