ከቲቢ ሕክምና ዕቅዱ ላይ «ማጠናከሪያ» የምትለዋን ቃል አወጣኋት

የተለመደውን የ6 ወር የቲቢ ሕክምና ዕቅድ ለታካሚዎች በሚሰጥ ወረቀት ላይ ወደ አማርኛ መልሼ ነበር። ችግሩ 2ኛው ወር ላይ መጣ። ሳሉ ሲጠፋና አክታው ላይ ጀርም ሳይታይ ሲቀር፣ አንዳንዱ ታካሚ ክኒኑን ያቆማል።

መጀመሪያ «6 ወር ሳያቋርጡ ይውሰዱ» የሚለውን አደመቅኩት። ምንም አልተለወጠም። ቀጥሎ መድኃኒት ስለተላመደ ቲቢ ማስጠንቀቂያ ጨመርኩ። ሰው ፈራ እንጂ አልገባውም።

በመጨረሻ አንዲት እናት ወረቀቱን በራሳቸው ቃል እንዲነግሩኝ ጠየቅኳቸው። «ሁለት ወር ሕክምና፣ አራት ወር ማጠናከሪያ። ማጠናከሪያው ቫይታሚን አይደል እንዴ?» አሉኝ። ጉዱ እዚያ ነበር! የኋለኞቹን 4 ወራት «የማጠናከሪያ ምዕራፍ» ያልኩት እኔው ነኝ። መድኃኒቱም ከአራት ዓይነት ወደ ሁለት፣ ሪፋምፒሲንና አይሶናያዚድ፣ ስለሚቀንስ ቢሳሳቱ አይፈረድባቸውም።

እንዲህ ቀየርኩት፦ «የመጀመሪያው 2 ወር የሚነደውን እሳት ያጠፋል። ቀጣዩ 4 ወር አመድ ውስጥ የተዳፈነውን ፍም ያጠፋል። ፍሙ በአክታ ምርመራ ላይታይ ይችላል። ክኒኑ ከተቋረጠ እንደገና ይቀጣጠላል።» ማታ እሳት ዳፍኖ ለሚያድር ሰው ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

አሁን ወረቀቱን ከሰጠሁ በኋላ «ሳሉ ከጠፋ ክኒኑ ምን ይሠራል?» እላለሁ። «ፍሙን ያጠፋል» ካሉኝ ገብቷቸዋል። «ያበረታኛል» ካሉኝ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ።