ስዕልና ማብራሪያ ሳይለያዩ፦ ትኩረት የማይከፍል ስላይድና ሃንድአውት እንዴት ይዘጋጃል?

አንድ የጂኦሜትሪ ስላይድ አስቡ። በግራ የጎነ ሦስት ስዕል አለ። በቀኝ ደግሞ አራት መስመር ማብራሪያ። ሲያዩት ጽድት ያለ ነው። ተማሪው ግን «አንግል ሀሐለ» የሚለውን ያነብና ወደ ስዕሉ ይዞራል። ሦስቱን ፊደላት ይፈልጋል። አግኝቶ ሲመለስ የቱ መስመር ላይ እንደነበረ ጠፍቶታል። ይህ ሁሉ ፍለጋ ጂኦሜትሪ አይደለም። የሚፈጀው ትኩረት ግን ለጂኦሜትሪው ይፈለግ የነበረውን ነው።

ይህን ጉዳይ በደንብ ያብራራው የአእምሮ ጫና ንድፈ ሐሳብ ነው። ያመነጨው አውስትራሊያዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጆን ስዌለር ነው። አንድን አዲስ ነገር ስንማር የምናስብበት የአእምሮ ክፍል በጣም ጠባብ ነው። አዲስና እርስ በርሱ ያልተያያዘ ነገር ከሆነ በአንድ ጊዜ የሚይዘው አራት ገደማ ብቻ ነው። ደጋግመን ካላስታወስነው ደግሞ በሃያ ሰከንድ አካባቢ ውስጥ ይጠፋል። ትምህርቱ በራሱ ከባድ ከሆነ ይህን ቦታ ይሞላዋል። የቀረበበት መንገድ መጥፎ ከሆነም እንዲሁ ይሞላዋል። ስላይድ የሚያዘጋጅ ሰው በቀጥታ ሊቀንስ የሚችለው ሁለተኛውን ነው።

ስዌለርና ሮሃኒ ታርሚዚ እ.ኤ.አ. በ1988 ያሳተሙት ጥናት ነገሩን ግልጽ አድርጎታል። በአልጀብራ ትምህርት፣ ተማሪዎች ደረጃ በደረጃ ተሠርቶ የቀረበላቸውን ምሳሌ ሲያጠኑ ጥሩ ውጤት ይገኝ ነበር። በጂኦሜትሪ ግን ያው ዘዴ አልሠራም። ምክንያቱ የምሳሌው አቀማመጥ ነበር፤ ስዕሉ አንድ ቦታ፣ ስሌቱ ሌላ ቦታ። ስሌቱ ስዕሉ ውስጥ ሲገባ ምሳሌው መጥቀም ጀመረ። የተከፈለ ትኩረት የሚባለው ችግር ይህ ነው።

1. ዓይን የሚሄድበትን መንገድ አስምሩ። ስላይዱን አትሙና ከእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ተነስታችሁ እስከሚያወራለት የስዕል ክፍል ድረስ በእርሳስ መስመር ስቡ። መስመሮቹ ረጅም ከሆኑና ከተጠላለፉ ተማሪው የሚጓዘው ያንን ሁሉ ነው።

2. ሸፍናችሁ ፈትኑ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። «ጽሑፍን ወደ ስዕል አስጠጋ» የሚል ምክር የሰማ ሰው ሁሉንም ጽሑፍ ስዕሉ ላይ ይጭናል። ከማስጠጋታችሁ በፊት ግን ጽሑፉ ማስፈለጉን እዩ።

መጀመሪያ ጽሑፉን በወረቀት ሸፍኑ። ስዕሉ ብቻውን ይገባል? ከዚያ ስዕሉን ሸፍኑ። ጽሑፉስ ብቻውን ይገባል? አንዱ ያለሌላው ትርጉም ከሌለው ሁለቱ መዋሃድ አለባቸው። አንዱ ብቻውን በቂ ከሆነ ግን ሌላውን ሰርዙት። ማስጠጋቱ አይረዳም፣ ይባስ ብሎ ይጎዳል።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ፖል ቻንድለርና ስዌለር እ.ኤ.አ. በ1991 ያሳተሙት ሥራ ነው። ደም በልብ፣ በሳንባና በሰውነት ውስጥ እንዴት እንደሚዘዋወር የሚያሳይ ስዕል ነበር። ቀስቶቹ ብቻቸውን ዝውውሩን ይናገራሉ። ያንኑ የሚደግም ጽሑፍ ስዕሉ ውስጥ ሲጨመር ውጤቱ ቀነሰ፤ ስዕሉን ብቻ ያዩት በልጠው ተገኙ። ጽሑፉ ዓይን ሥር ስለሆነ ተማሪው ሳያነበው ማለፍ አይችልም። ካነበበ በኋላ ደግሞ ከቀስቱ ጋር አንድ መሆኑን ማመሳከር አለበት። ያ ሁሉ ድካም አዲስ ነገር አያስገኝለትም።

«ይገባል?» ስንል ለማን እንደሆነም ማሰብ ያስፈልጋል። ለጀማሪ የግድ የሆነ ማብራሪያ ርዕሱን ለሚያውቅ ሰው ትርፍ ጫና ነው። ስለዚህ ፈተናውን በራሳችሁ ዓይን አትጨርሱት፤ እናንተ ርዕሱን ታውቁታላችሁ። በትምህርቱ ደረጃ ያለ አንድ ሰው ፈልጉና እሱ ይመልስ።

3. አዋህዱ። ወደ ጎነ ሦስቱ እንመለስ። የቀኙ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ አንግል ሀ 50 ዲግሪ ነው። አንግል ለ 60 ዲግሪ ነው። መስመር ለሐ እስከ መ ድረስ ተዘርግቷል። አንግል ሀሐለ 180 − 50 − 60 = 70 ነው፤ ስለዚህ አንግል ሀሐመ 180 − 70 = 110 ነው። ስዕሉ ብቻውን መልስ የለውም፣ ጽሑፉም ያለስዕሉ አይጨበጥም። መዋሃድ አለባቸው ማለት ነው።

50 እና 60ን በየማዕዘናቸው ውስጥ ጻፉ። ነጥብ ሐ ጋ፣ ከውስጥ በኩል፣ ክብ ውስጥ 1 ብላችሁ «180 − 50 − 60 = 70» ጻፉ። ከውጭ በኩል 2 ብላችሁ «180 − 70 = 110» ጻፉ። የቀኙን ጽሑፍ በሙሉ አጥፉት። አሁን ፊደላቱም አላስፈለጉም። «ሀሐመ» የሚባል ስም የነበረው ጽሑፉ ከሩቅ ሆኖ ስዕሉን እንዲጠቁም ነው። ስሌቱ ቦታው ላይ ካረፈ የሚጠቆም ነገር የለም። ቁጥሮቹን ግን አትተዉ። ጽሑፉ ስዕሉ ላይ ሲበተን ቅደም ተከተሉ ይጠፋል፤ 1 እና 2 የሚመልሱት እሱን ነው።

ቦታ ከጠበበ ፊደሉን አታሳንሱ። ስዕሉን በሁለት ስላይድ ድገሙና በመጀመሪያው 1ን ብቻ፣ በሁለተኛው ሁለቱንም አሳዩ። ጽሑፍና ክፍሉን በአንድ ዓይነት ቀለም ማመሳሰልም ፍለጋውን ያሳጥራል። ለእኔ ግን ሁለተኛ ምርጫ ነው፤ ወረቀቱ በጥቁርና ነጭ ፎቶ ኮፒ በተደረገ ቅጽበት ጥቅሙ ያበቃል።

ግራፍ ላይ ደግሞ ፓወርፖይንት ከጎን ወይም ከታች የሚያስቀምጠውን የቀለም መግለጫ ሰርዙና የእያንዳንዱን መስመር ስም ጫፉ ላይ ጻፉ።

4. ስላይድ ከሆነ ድምፃችሁን ተጠቀሙ። ማብራሪያውን እናንተ ከተናገራችሁት የተማሪው ዓይን ከስዕሉ አይነሳም። የምትናገሩትን ግን በዚያው ጊዜ ስክሪኑ ላይ አትጻፉት። የምታነቡለትን ጽሑፍ እሱም በራሱ ፍጥነት ያነበዋል፤ ሁለቱ አይገጥሙም። ድምፅም ገደብ አለው። የተነገረ ነገር ያልፋል፣ ተመልሶ አይታይም። ረጅም ስሌት ወይም ፎርሙላ ከሆነ ተጽፎ ይቆይ፣ ድምፃችሁ አጭር ይሁን።

5. ሃንድአውት ላይ ገጽ አታስገልብጡ። ስዕሉ በአንድ ገጽ፣ ጥያቄው ከጀርባው ከሆነ ተማሪው ስዕሉን በአእምሮው ተሸክሞ ይገለብጣል። ወረቀት ቢባክንም ስዕሉን ድገሙት። «ከላይ ያለውን ስዕል ተመልከት» የሚል ሐረግ ካገኛችሁ የሚስተካከል ቦታ አገኛችሁ ማለት ነው።

6. በአንድ ጀማሪ ሞክሩት። ድምፁን አውጥቶ እያሰበ በጣቱ ይከተል። «የቱ ነው?» ካለ፣ ወይም ጣቱ ወዲያና ወዲህ ከዘለለ፣ እዚያ ቦታ ላይ አሁንም ፍለጋ አለ። ጣቱ አንድ ቦታ ቆሞ «ለምን 180?» ብሎ ከጠየቀ ግን ጥያቄው ስለ ትምህርቱ ነው። አቀማመጡን አትንኩት፤ የሦስቱ አንግሎች ድምር 180 መሆኑን ከዚህ ስላይድ በፊት አስተምሩት።