የጎርፍ ማቆያ ኩሬ ዝናቡ ሳይበረታ ለምን ሞልቶ ይፈሳል? ችግርና መፍትሄ

ግቢው አዲስ ነው፣ ጎርፉን ይዞ ቀስ እያለ የሚለቀው ማቆያ ኩሬውም በስሌት ተሰርቷል። የስሌት ወረቀቱ በ10 ደቂቃ ከባድ ዝናብ እንኳን ኩሬው እንደሚበቃ ያሳያል። ክረምት ገባ። አንድ ከሰዓት ዝናቡ መካከለኛ ሆኖ ሳያቋርጥ ዘነበና ኩሬው ሞልቶ በግንቡ ላይ ፈሰሰ።

ይህ በማቆያ ኩሬ ላይ ደጋግሞ የሚታይ ችግር ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከግንበኛው ሳይሆን ከስሌቱ ነው። 2 ሄክታር የሆነ የመኖሪያ ግቢ ወስደን ምክንያቱን እንፈልግ።

መነሻ ቁጥሮች

ከዝናብ የሚመጣውን ፍሰት የምናሰላበት የራሽናል ዘዴ ቀመር ይህ ነው፦

```
Q = C × i × A / 360
```

Q ፍሰት ነው፣ በሜትር ኩብ በሴኮንድ። i የዝናቡ ጥንካሬ ነው፣ በሚሊሜትር በሰዓት። A ስፋት ነው፣ በሄክታር። C ደግሞ ከዘነበው ውሃ ምን ያህሉ እንደሚወርድ ይነግረናል።

ለዝናቡ ጥንካሬ `i = 3600 / (t + 20)` የሚል ቀላል ቀመር ልጠቀም፤ t ደቂቃ ነው። ይህ ለማሳያ ብቻ የወሰድኩት ነው። ለእውነተኛ ስራ የአካባቢውን የዝናብ ጥንካሬ ኩርባ ተጠቀሙ።

ከግንባታ በፊት መሬቱ ሳር ነበር። C 0.30፣ ውሃው ከግቢው ዳር ጀምሮ መውጫው ላይ እስኪደርስ የሚፈጀው ጊዜ 20 ደቂቃ ነው። የ20 ደቂቃ ዝናብ ጥንካሬ 90 ስለሆነ፣ ፍሰቱ 0.15 ሜትር ኩብ በሴኮንድ ይሆናል። ከግንባታ በኋላ እንዲወጣ የተፈቀደው ይኸው 0.15 ነው እንበል።

አሁን ቤትና አስፋልት መጥቷል። C 0.75 ሆኗል፣ ጊዜውም ወደ 10 ደቂቃ አጥሯል። ጥንካሬው 120፣ ፍሰቱ 0.5 ነው። ከበፊቱ ከሶስት እጥፍ በላይ መሆኑ ነው።

ምልክት አንድ፦ ረዘም ያለ ዝናብ ሲዘንብ ኩሬው ይሞላል

ምክንያቱ ኩሬው ለ10 ደቂቃ ዝናብ ብቻ መሰላቱ ነው። አስሊው ከ0.5 ላይ 0.15 ቀንሶ በ600 ሴኮንድ አባዝቷል። 210 ሜትር ኩብ መጣ፣ ወረቀቱም ተዘጋ።

ትልቁ ፍሰት ግን ትልቁን የውሃ ክምችት አያመጣም። ለቱቦና ለዲች የሚያስፈልገን ትልቁ ፍሰት ነው፣ ስለዚህ 10 ደቂቃው ትክክል ነው። ኩሬ ግን የሚያስጨንቀው የሚገባውና የሚወጣው ውሃ ልዩነት እየተጠራቀመ የሚደርስበት ነው። የ40 ደቂቃ ዝናብ ጥንካሬው ግማሽ ቢሆንም፣ አራት እጥፍ ጊዜ ይቆያል።

መፍትሄው የዝናቡን ርዝመት እየቀያየሩ ማስላት ነው። D የዝናቡ ርዝመት በደቂቃ፣ Q የሚገባው ፍሰት፣ Tc ውሃው መውጫው ላይ እስኪደርስ የሚፈጀው 10 ደቂቃ፣ Qo የተፈቀደው ፍሰት ይሁን፦

```
V = 60 × [Q × D − Qo × (D + Tc) / 2]
```

| ዝናቡ (ደቂቃ) | ጥንካሬ | የሚገባው ፍሰት | የኩሬው መጠን (ሜ³) |
|---|---|---|---|
| 10 | 120 | 0.50 | 210 |
| 20 | 90 | 0.375 | 315 |
| 30 | 72 | 0.30 | 360 |
| 40 | 60 | 0.25 | 375 |
| 60 | 45 | 0.1875 | 360 |

መጠኑ ወጥቶ ተመልሶ ይወርዳል። ከፍተኛው ከ40 እስከ 45 ደቂቃ ባለው ላይ ነው፣ 376 ገደማ። ስለዚህ የተሰራው ኩሬ ከሚያስፈልገው መጠን ግማሽ የሚበልጠው በጥቂቱ ብቻ ነው። በ40 ደቂቃው ዝናብ 210ዋ ኩሬ 25 ደቂቃ ገደማ ሲያልፍ ትሞላለች፤ ዝናቡ ግን ገና አላባራም። በቦታው ላይ ምክንያቱን የምትለዩትም በዚህ ነው። መውጫው ሳይደፈን እየፈሰሰ፣ ኃይለኛ ዶፍ ሳይወርድ ኩሬው ከሞላ፣ መጠኑ ያንሳል ማለት ነው።

በቀመሩ ውስጥ ያለው የሁለት ማካፈያ ያለ ምክንያት አልገባም። አንዳንዱ አስሊ ዝናቡን ያራዝማል፣ ነገር ግን 0.15 ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ እንደሚወጣ ይቆጥራል። እንደዚያ ሲሰላ ትልቁ መጠን 275 ብቻ ይሆናል። ኩሬው ባዶ ሳለ ግን ውሃውን የሚገፋ ከፍታ የለም፤ መውጫው 0.15 የሚደርሰው ኩሬው ሲሞላ ነው። ከዜሮ ተነስቶ ቀስ እያለ ስለሚጨምር አማካዩን መውሰድ ይሻላል። የ100 ሜትር ኩብ ልዩነት የሚመጣው ከዚህች አንዲት ግምት ነው።

C ላይም ተጠንቀቁ። ነዋሪዎች የአትክልት ቦታቸውን በንጣፍ ድንጋይ ሲሸፍኑ C ወደ 0.85 ቢያድግ፣ የሚያስፈልገው መጠን ወደ 460 ይደርሳል።

ምልክት ሁለት፦ ኩሬው አይሞላም፣ የታችኛው ቦይ ግን ይሸረሸራል

እዚህ ኩሬው ሳይሆን መውጫው ነው የተሳሳተው። ሙሉ ሲሆን ከቀዳዳው መሃል በላይ 1.5 ሜትር ውሃ አለ እንበል። ቀመሩ ይህ ነው፦

```
Q = 0.6 × a × √(2 × 9.81 × h)
```

a የቀዳዳው ስፋት በካሬ ሜትር፣ h ከቀዳዳው መሃል በላይ ያለው የውሃ ከፍታ በሜትር ነው። 0.15 ለማውጣት የቀዳዳው ዲያሜትር 242 ሚሊሜትር መሆን አለበት። ገበያ ላይ ግን እንዲህ ያለ ቱቦ ስለማይገኝ ባለ 300 ይገባል። ባለ 300ው ኩሬው ሲሞላ 0.23 ይለቃል፣ ከተፈቀደው በግማሽ ይበልጣል። ኩሬው የማይሞላውም ውሃውን ቶሎ ስለሚያሳልፍ ነው። ባለቤቱ ደስ ይለዋል፣ ከታች ያለው ሰው ግን ጎርፉ ይደርሰዋል።

ቱቦውን ማውጣት አያስፈልግም። አፉ ላይ 240 ሚሊሜትር ቀዳዳ ያለው ወፍራም የብረት ሳህን በቦልት ይታሰር። ፍሰቱ 0.147 ይሆናል። ሳህኑን ከማሰራችሁ በፊት ግን ኩሬው 376 መያዙን አረጋግጡ። ትንሽ ኩሬ ላይ መውጫውን ማጥበብ ምልክት አንድን መጥራት ነው።

ምልክት ሶስት፦ በማግስቱ ጠዋት ውሃ አለ

ይህ ኩሬ ግድግዳው ቀጥ ያለ ከሆነ፣ ሙሉ የሆነው ውሃ በ240ው ቀዳዳ በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይወጣል። ስለዚህ በማግስቱ የቆመ ውሃ ካለ፣ ወይ ቀዳዳው በፌስታልና በቅጠል ተደፍኗል፣ ወይ ከወለሉ ከፍ ብሎ ተሰርቷል፣ ወይ ደለል ከፊቱ ተከምሯል። የቆመው ውሃ ለሚቀጥለው ዝናብ የተመደበውን ቦታ ይዞታል። ደለልም እንደዚሁ ነው። የኩሬው ስፋት 250 ካሬ ሜትር ከሆነ፣ 20 ሴንቲሜትር ደለል 50 ሜትር ኩብ ይበላል።

ከቀዳዳው ፊት ለፊት፣ ከሳህኑ ርቆ፣ ሰፊ የብረት ወንፊት ይቁም። ሳህኑ ላይ ከተለጠፈ አንድ ፌስታል ይበቃዋል። ውሃው ወደ ኩሬው የሚገባበት ቦታ ላይ ደግሞ አነስተኛ የደለል ማስቀሪያ ጉድጓድ ይኑር፣ በግንቦት፣ ክረምቱ ሳይገባ ይጠረግ።

ከስሌቱ የሚበልጥ ዝናብ መምጣቱ አይቀርም። ስለዚህ በግንቡ አናት ላይ ውሃው የሚያልፍበት፣ በድንጋይ የተነጠፈ ዝቅ ያለ ማፍሰሻ ይሰራ። አቅጣጫው ወደ ቤቶቹ ሳይሆን ወደ ቦዩ ይሁን።

ይህ ዘዴ የሚያገለግለው ለትናንሽ ቦታዎች ነው፤ እንደዚህ ግቢ ጥቂት ሄክታር ለሆኑ። ዝናቡ በሁሉም ቦታ እኩል እንደሚዘንብና ከእሱ በፊት መሬቱ ላይ የቆየ ውሃ እንደሌለ ይገምታል። ቦታው ሰፋ ካለ፣ ወይም ሁለት ኩሬ ተከታትለው ካሉ፣ ደቂቃ በደቂቃ የሚገባውንና የሚወጣውን የሚከታተል ስሌት መስራት ይገባል።