ህዋሶቹ በሁለቱም ቀለም ሲበሩ፦ አፖፕቶሲስ ነው ወይስ ኔክሮሲስ?

ምልክቱ

መድኃኒት የሰጣችኋቸውን ህዋሶች ከ24 ሰዓት በኋላ በአኔክሲን 5 እና በፕሮፒዲየም አዮዳይድ ቀልማችሁ ፍሎው ሳይቶሜትር ውስጥ አስገባችሁ። አብዛኞቹ ሁለቱንም ቀለም ይዘው ላይኛው ቀኝ ጥግ ላይ ተከማቹ። ወዲያው ደብተሩ ላይ «ኔክሮሲስ» ተብሎ ይጻፋል። ይህን ስህተት ስንት ጊዜ እንዳረምኩት ቆጥሬ አልጨርሰውም።

መንስኤው

አኔክሲን የሚይዘው ፎስፋቲዲልሴሪን የሚባለውን የስብ ዓይነት ነው። ጤነኛ ህዋስ ይህን ስብ በሽፋኑ የውስጥ ገጽ ያኖረዋል። በአፖፕቶሲስ፣ ማለትም ራሱን በሥርዓት አፍርሶ፣ የሚሞት ህዋስ ግን ወደ ውጭ ያወጣዋል። ለበላተኞቹ ህዋሶች «እኔን ብሉኝ» ማለቱ ነው። ፕሮፒዲየም ደግሞ ሽፋኑ ካልተቀደደ አይገባም። ስለዚህ አፖፕቶሲስ ገና ሲጀምር አኔክሲን ብቻ ይበራል። በኔክሮሲስ ግን ህዋሱ አብጦ ይፈነዳል፣ አኔክሲኑም በቀዳዳው ገብቶ የውስጡን ስብ ያገኛል፣ ሁለቱም አንድ ላይ ይበራሉ።

እዚህ ድረስ ሁሉም ያውቃል። የሚረሳው ሳህኑ ውስጥ በላተኛው ህዋስ፣ ማክሮፌጅ፣ አለመኖሩ ነው። ሰውነት ውስጥ እየተኮማተረ የሚሞት ህዋስ ሳይፈነዳ ይዋጣል። ሳህን ውስጥ የሚበላው ስለሌለ ከሰዓታት በኋላ ሽፋኑ ራሱ ይለቃል፣ ፕሮፒዲየሙም ይገባል። ይህ ሁለተኛ ደረጃ ኔክሮሲስ ይባላል። 24ኛው ሰዓት ላይ የምታዩት መድረሻውን ነው፤ በየት በኩል እንደመጣ አይነግራችሁም።

አንድ ተማሪ እንዲህ ያለ ውጤት ይዞ መጣ፣ ሪፖርቱንም ጽፎ ጨርሶ ነበር። ያንኑ መድኃኒት በ2፣ በ4፣ በ8 እና በ24 ሰዓት እንዲለካው አደረግን። በ4 ሰዓት አኔክሲን ብቻ የያዙት ጎልተው ወጡ፣ በ8 ወደ ላይ መውጣት ጀመሩ፣ በ24 ሁሉም ጥግ ላይ ነበሩ። በጎን ያስቀመጥነው፣ በሙቀት የገደልነው ናሙና ግን በመሃል የትም ሳይቆም በአንዴ ጥጉ ላይ ተገኘ። ልዩነቱ መንገዱ ላይ ነው።

መፍትሄው

በአንድ ሰዓት ብቻ አትለኩ። ተንሳፋፊዎቹን ህዋሶች አትድፉ፣ የሞቱት እዚያ ናቸው! በትሪፕሲን ረጅም ጊዜ አታቆዩ፣ ሽፋኑን ራሳችሁ ትቀዱታላችሁ። ከትሪፕሲኑ ጋር ያለውን፣ ካልሲየም የሚይዘውን ኤዲቲኤ በደንብ እጠቡ፤ አኔክሲን ያለ ካልሲየም አይጣበቅም፣ ማጣበቂያው ቡፈር ውስጥ 2.5 ሚሊሞላር አካባቢ የሚጨመረውም ለዚህ ነው። ቀልማችሁ ከአንድ ሰዓት በላይ አታስቀምጡ። በማይክሮስኮፕም እዩአቸው፦ የተኮማተረ፣ ኒውክሊየሱ የተቆራረጠ፣ ፊቱ ላይ አረፋ የሚያወጣ ህዋስ አፖፕቶሲስ ውስጥ ነው።

የተቆራረጠ ዲኤንኤን የሚያበራው ቱነል የተባለው ምርመራ ብቻውን አይበቃም፤ በኔክሮሲስ የተበጣጠሰ ዲኤንኤንም ያበራል።

አፖፕቶሲስን የሚያስፈጽሙትን ካስፔዝ የተባሉ ኤንዛይሞች የሚያግድ መድኃኒት ጨምሩና አኔክሲኑ ከቀነሰ መንገዱ አፖፕቶሲስ ነበር። ግን ተጠንቀቁ፣ ሞቱ ቀጠለ ማለት መንገዱ ከመጀመሪያውም ኔክሮሲስ ነበር ማለት አይደለም። ይህን በደንብ የሚያሳየው የፅንስ እጅ ነው።

የአይጥ ፅንስ መዳፍ 13ኛው ቀን አካባቢ ገና እንደ መቅዘፊያ ነው። ጣቶቹ የሚለያዩት በመካከላቸው ያሉት ህዋሶች በአፖፕቶሲስ ሲሞቱ ነው። በዚያን ጊዜ ቀጭን ቁራጭ ወስዳችሁ ብታዩ ማክሮፌጆቹ በተዋጡ ፍርስራሾች ሞልተው ታገኟቸዋላችሁ። ጎናቸው ያለው ጣት የሚሠራው ህብረ ህዋስ አይነካም። እነዚያ ህዋሶች ፈንድተው ቢሆን ይዘታቸው ይፈስና ብግነት ይጠራል፣ ያውም አጥንት ገና ከሚሠራበት ቦታ አጠገብ። ዳክዬ እግሯ ላይ ይህ ሞት በአብዛኛው ስለሚታገድ ቆዳው ይቀራል፤ ዶሮ ላይ ግን ይጠፋል።

አፓፍ-1 የሚባለው ጂን የጠፋበት አይጥ ላይ ካስፔዞቹን የሚያነሳሳው ዋናው መንገድ ይዘጋል። ታዲያ የጣቶቹ መካከል ያሉት ህዋሶች ዘግይተውም ቢሆን ይሞታሉ፣ መልካቸው ግን ኔክሮሲስ ይመስላል። የሞት ትዕዛዙ አለ፣ የተዘጋው ንጹሁ መንገድ ብቻ ነው። አንጎል ላይ ግን እንዲህ ያለ መውጫ አይበቃም፦ መሞት የነበረባቸው ህዋሶች ተርፈው አንጎሉ ከመጠን በላይ ያድጋል፣ አብዛኞቹ ፅንሶችም ሳይወለዱ ወይም እንደተወለዱ ይሞታሉ።

ስለዚህ ካስፔዝ አግዳችሁ ሞቱ ቢቀጥል ወደ ቅድሙ የሰዓት መስመር ተመለሱ። ያለ ማገጃው በ4 ሰዓት አኔክሲን ብቻ የያዙት ከነበሩ፣ እናንተ መንገዱን ቀየራችሁት እንጂ ህዋሱ መጀመሪያ የመረጠው አፖፕቶሲስን ነበር።