ርዕሰ ጉዳይ፣ የምርምር ጥያቄ እና ርዕስ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ርዕሰ ጉዳይ ሊያጠኑት የመረጡት የዕውቀት ዘርፍ ክፋይ ነው። የምርምር ጥያቄ ከዚያ ውስጥ ገና ያልታወቀና መረጃ ተሰብስቦ ሊመለስ የሚችል አንድ ነገር ነው። ርዕስ ደግሞ የተሠራው ሥራ በሽፋኑ ላይ የሚጠራበት ስም ነው። የሚከተሉት ስህተቶች በአንድ ምሳሌ ይታያሉ፤ ርዕሰ ጉዳዩ የሌሊት ፈረቃ የሚሠሩ ነርሶች እንቅልፍ ነው።

ከርዕስ መጀመር

ብዙ ተማሪ መጀመሪያ የሚጽፈው «የሌሊት ፈረቃ በነርሶች ጤና ላይ የሚያሳድረው ተፅዕኖ» የሚል ርዕስ ነው። ችግሩ ርዕሱ ሳይታሰብ ቃል መግባቱ ነው። «ተፅዕኖ» ማለት አንዱ ነገር ሌላውን አመጣ ማለት ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ በሚሞላ መጠይቅ ግን ይህን ማሳየት አይቻልም። እንቅልፉ የታወከው በፈረቃው ምክንያት ይሁን፣ ወይስ ቀድሞም እንቅልፍ የሚያስቸግራቸው ሰዎች ፈረቃውን መርጠውት ይሁን፣ መጠይቁ አይለይም። «ጤና» የሚለውም ከደም ግፊት እስከ ድብርት ሁሉን ያቅፋል። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ የሚጻፈውን ርዕስ ጊዜያዊ አድርገው ይያዙት፤ ጥያቄው ሳይጸና አይጨነቁበት።

ርዕሰ ጉዳዩን በጥያቄ ምልክት መዝጋት

«የሌሊት ፈረቃ ነርሶች የእንቅልፍ ሁኔታ ምን ይመስላል?» ጥያቄ ይመስላል እንጂ ያው ርዕሰ ጉዳዩ ነው። ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ፦ መረጃ ከመሰብሰብዎ በፊት የውጤቱን ሠንጠረዥ ባዶውን ይሳሉ። ዓምዶቹ ምንድን ናቸው? በእያንዳንዱ ሳጥን የሚገባው ቁጥር ወይም ሐሳብ ምንድን ነው? መሳል ካቃተዎት ጥያቄው ገና አልተወለደም።

በቦታ ብቻ ማጥበብ

«ጠባብ አድርገው» ሲባል አብዛኛው ሰው የሚጨምረው የአንድ ሆስፒታል ስም ነው። ይህ የተጠኚዎቹን ቁጥር ይቀንሳል እንጂ የሚጠየቀውን አያጠብብም። የሚያጠብበው ሁለት ነገሮችን ማያያዝ ነው፦ ከእንቅልፍ የትኛውን ገጽታ፣ ከፈረቃው የትኛውን?

እዚህ ላይ ማንበብ ያስፈልጋል። አሥር አሥራ አምስት የቅርብ ጊዜ ጽሑፎችን ይዘው፣ ከእያንዳንዱ ማን እንደተጠና፣ ምን እንደተለካና ምን እንደተገኘ በአንድ አንድ መስመር ይመዝግቡ። ከሌሊት ሥራ በኋላ በቀን የሚተኛ እንቅልፍ በአብዛኛው እንደሚያጥር ከታወቀ ቆይቷል፤ የሰውነት ሰዓት በቀን ንቃትን ያበረታታልና። ስለዚህ «ያጥራል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ድካም ነው። ነገር ግን ሌሊቶቹ ሲደጋገሙ ሰውነት ይለምዳል ወይስ የእንቅልፍ እጦቱ ይከማቻል? በመዘገቧቸው ጽሑፎች መካከል ልዩነት ካዩ፣ ወይም እርስዎ በሚያጠኗቸው ነርሶች ላይ ካልተለካ፣ ጥያቄዎ ከዚያ ይወጣል፦

«በሆስፒታል ነርሶች ዘንድ ከመጀመሪያው ተከታታይ የሌሊት ፈረቃ እስከ አራተኛው ድረስ የቀን እንቅልፍ ርዝመት እንዴት ይለወጣል?»

አሁን ሠንጠረዡ ይሳላል፦ አራት ዓምድ፣ በእያንዳንዱ የእንቅልፍ ሰዓት አማካይ። ምን መሰብሰብ እንዳለበትም ይታያል፦ የፈረቃ መርሐ ግብርና ነርሶቹ በየቀኑ የሚሞሉት የእንቅልፍ ማስታወሻ። በተከታታይ አራት ሌሊት የሚሠራ ነርስ በሆስፒታሉ ከሌለ ጥያቄው እዚያ አይመለስም፤ ይህን ከመጀመሩ በፊት ማጣራት ነው።

የመጠይቁን ጥያቄ ከምርምሩ ጥያቄ ጋር ማምታታት

«ትናንት ለስንት ሰዓት ያህል ተኙ?» ለነርሷ የሚቀርብ ጥያቄ ነው፤ የምርምሩ ጥያቄ የሚመለሰው ብዙ ነርሶች የሰጡት መልስ ሲጠናቀርና ሲተነተን ነው። ፕሮፖዛል ላይ አሥር «የምርምር ጥያቄዎች» ተደርድረው ካዩ፣ አብዛኛዎቹ ከመጠይቁ የመጡ ሳይሆኑ አይቀሩም።

ርዕሱን ሳያድሱ መተው

ጥያቄው ከጸና በኋላ ርዕስ ማውጣት ቀላል ነው፦ የተያያዙትን ሁለት ነገሮች፣ የተጠኑትን ሰዎችና መረጃው የተገኘበትን መንገድ ይውሰዱ። «ተከታታይ የሌሊት ፈረቃ እና የቀን እንቅልፍ ርዝመት፦ የሆስፒታል ነርሶች የእንቅልፍ ማስታወሻ ትንተና»። «ስለ… የተደረገ ጥናት» የሚለው ምንም አይጨምርምና ይውጣ። ከአሥራ አምስት ቃል ካለፈ ብዙ ጊዜ የሚቀነስ አለ።

ሥራው መሐል ላይ ከተለወጠ ርዕሱም ይለወጥ። ነርሶቹ ማስታወሻውን መሙላት አቁመው መረጃው በአንድ ጊዜ መጠይቅ ከተተካ፣ «ማስታወሻ» የሚለው ቃል ሽፋኑ ላይ መቆየት የለበትም። ጥያቄውም ራሱ መታየት አለበት፦ በአንድ ቀን መጠይቅ የአንዲት ነርስ እንቅልፍ ከሌሊት ወደ ሌሊት እንዴት እንደተለወጠ መከታተል አይቻልም፤ በዚያ ቀን የመጀመሪያ ሌሊታቸውን የጨረሱትን አራተኛቸውን ከጨረሱት ጋር ማነጻጸር ብቻ ይቻላል።