ሙቅ ውሃ ለየትኛው ልብስ?

እዚህ አዳማ በላብና በአቧራ የቆሸሸ የዘወትር ልብስ ሙቅ ውሃ አያስፈልገውም። ማሽኑ ከሚፈጀው መብራት አብዛኛው ውሃ ለማሞቅ ስለሚሄድ ሸሚዝና ጂንሱን በቀዝቃዛ እጠቡ፤ ሱፍና ሐርማ ሙቀት ያበላሻቸዋል።

ሙቀቱን ለፎጣ፣ ለአንሶላ፣ ለውስጥ ልብስና ለሕፃን የጨርቅ ዳይፐር አቆዩት። በተለይ ቤት ውስጥ ተቅማጥ ወይም ትውከት የያዘው ሰው ካለ፣ አንሶላውን ለብቻው በ60 ዲግሪ፣ ረዘም ባለው ፕሮግራም እጠቡ። 40 ዲግሪ ላይ እድፉ ይለቃል እንጂ ጀርሙ ሁሉ አይሞትም።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ከላይ የሚከፈቱት ማሽኖች ብዙዎቹ የራሳቸው ማሞቂያ የላቸውም፤ ከቧንቧ የገባውን ውሃ እንዳለ ነው የሚጠቀሙት። እንዲህ ከሆነ ነጭ የጥጥ አንሶላውን ቀቅሉት፣ ወይም ዕቃው ላይ በተጻፈው መጠን በረኪና በጥብጣችሁ ዘፍዝፉት። ከዚያ ፀሐይ ላይ እስኪደርቅ ይሰጣ።